ኢንተርንሽፔን ሳልጨርስ ለስኮላርሺፕ ስለቅ የጻፍኩት ደብዳቤ

የመጀመሪያው ረቂቄ ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር። ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት። የቅርብ ኃላፊዬ፣ ሲኒየሬ፣ ጠዋት ቢሮ አነበበችው፣ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ከዛ ቀና ብላ "ጥሩ ነው፤ ግን የምትለቅበት ቀን የታለ?" አለችኝ።

አልነበረም። ምስጋና ነበር፣ ይቅርታ ነበር፣ ስለ ልጅነት ህልሜ አንድ አንቀጽ ነበር። ቀን ግን የለም። በእጄ ያለው ሥራ የት እንደደረሰም አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ብዙ ልጆች በክረምት እንዲህ ዓይነት ነገር ይገጥማቸዋል። የአንዳንድ የውጭ ስኮላርሺፕ ውጤት በሰኔና በሐምሌ ይመጣል፣ ትምህርቱ በመስከረም መግቢያ ወይም ከዛ በፊት ይጀምራል፣ ኢንተርንሽፑ ደግሞ ገና መሃል ላይ ነው። ስለዚህ የኔን እንዳለ ልንገራችሁ፤ የተሳሳትኩትንም፣ በመጨረሻ የገባውን ደብዳቤም።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኦዲት ድርጅት ነበር። አካውንቲንግ ተመርቄ የስድስት ወር ኢንተርን ሆኜ ገባሁ፣ ከሚያዝያ 1 ቀን 2016 እስከ መስከረም 30 ቀን 2017። ኦዲት ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ሂሳባቸውን አዘጋጅተው ግብራቸውን ማሳወቅ አለባቸው። በዚህ መሃል ያሉት አራት ወራት ሰው ምሳ እንኳ በወጉ የማይበላባቸው ናቸው። እኔ የምለቀው ልክ እዛ መሃል ላይ ነው።

ያገኘሁት የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፣ ለማስተርስ። ውጤቱን ሐምሌ 11 ሰማሁ። የመግቢያ ደብዳቤውና ጄደብሊው 201 የሚባለው የቪዛ ቅጽ ሐምሌ 19 እጄ ገባ። ለሲኒየሬ የነገርኳት ግን ሐምሌ 22 ነው። ውጤቱን ከሰማሁ 11 ቀን ቆይቼ ማለት ነው።

ለምን ቆየሁ? ሁሉም ሰው አንድ ነገር ነው የሚለው፦ "ቪዛው ሳይመታ ለማንም እንዳትናገር።" እኔም ሰማሁ። ምክሩ ለሰፈር ሰውና ለጓደኛ ሊሆን ይችላል፣ ለቢሮ ግን አይሠራም። በእነዚያ 11 ቀናት ውስጥ ሲኒየሬ የነሐሴን ፕሮግራም አወጣች፤ በነሐሴ አጋማሽ ለሚጀመር አዲስ ኦዲት ስሜን አስገባች፣ ኦዲት ለሚደረገው ድርጅትም የሚመጡትን ልጆች ስም ዝርዝር ላከች። ስነግራት መጀመሪያ ደስ አላት፣ አቀፈችኝ። ከዛ ዝም አለችና "ባለፈው ሳምንት ብትነግረኝ ኖሮ ስምህን አልልክም ነበር" አለች። አልተቆጣችም። እኔ ግን እስከ አሁን ያቺን ንግግር አልረሳኋትም።

አሁን ቢሆን የምናገረው የመግቢያ ደብዳቤው እጄ በገባበት ቀን ነው። ከዛ በፊት የሚነገር ተጨባጭ ነገር የለም፣ ከዛ በኋላ ደግሞ የምትደብቁት እያንዳንዱ ቀን ከሌላ ሰው ፕሮግራም ላይ ነው የሚወሰደው። ቪዛው ባይሳካስ? ይሄን ፊት ለፊት ጠየቅኳት። "ቪዛው እምቢ ቢለኝ እስከ መስከረም 30 ተመልሼ መጨረስ እችላለሁ?" ብዬ። ቦታው ካልተያዘ ችግር የለውም አለች። ይሄን በቃል መነጋገር በቂ ነው። ደብዳቤው ላይ መጻፍ ግን ልክ አይመስለኝም፤ የምትለቅ ሰው "ምናልባት ልመለስ" ብለህ ከጻፍክ ማንም በቦታህ ሰው መመደብ አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ከላይ ነው። የድርጅቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው፣ ሲሰሙ መጀመሪያ "እንኳን ደስ አለህ ልጄ" አሉኝ። ቀጥለው "አንድ ሴሚስተር ቢያዘገዩልህስ? ጥቅምትን ጨርሰህ ብትሄድ?" አሉ። ክፋት የለውም፣ ማንም አሠሪ የሚጠይቀው ነው። መልሱን ማወቅ የናንተ ሥራ ነው። በቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ በተባለው የምዝገባ ቀን ካልተገኘህ ዕድሉ ለሚቀጥለው ዓመት አይቀመጥልህም። በቂ ምክንያት ካለህ አስቀድመህ ዩኒቨርሲቲውን አስፈቅደህ ለጥቂት ቀናት ልትዘገይ ትችላለህ እንጂ ሴሚስተር ማዘዋወር የለም። የመግቢያ ደብዳቤው ላይ የምዝገባው ቀን ተጽፏል፣ እኔ ጋ ጳጉሜን 2 እና 3 ነበር። ያንን ገጽ ኮፒ አድርጌ ለጋሼ አሳየኋቸው። አነበቡና "እንግዲህ ይሄ ያንተ ውሳኔ አይደለም" አሉ። ከዛ በኋላ ስለ ማዘግየት አልተነሳም። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ግማሽ ሰዓት ስከራከር የምውል ይመስለኛል።

ከዚያ ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። ምዝገባው ጳጉሜን 2 ነው። በረራው ነሐሴ 28 ይሁን አልኩ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር ሦስትና አራት ቀን ትርፍ እንዲኖረኝ። ከዛ በፊት ሐዋሳ ሄጄ እናቴን መሰናበት አለብኝ፣ ለዚህ አምስት ቀን። ፓስፖርቴ ለቪዛ ገብቶ እስኪወጣ ደግሞ ምንም ማድረግ አልችልም፤ ግን በዛን ጊዜ ቢሮ መዋል እችላለሁ፣ ስለዚህ ይሄ ከሥራ ቀን አይቀነስም። የሚቀነሰው ሌላ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው ስመዘገብ ኦርጅናል ዲግሪዬን ማየት ይፈልጋል፣ እኔ የያዝኩት ግን ጊዜያዊውን፣ ቴምፖውን ነው፣ ኦርጅናሉን ለማውጣት የወጪ መጋራቱን ከፍዬ መጨረስ ነበረብኝ። ከዛም ዲግሪውን ማረጋገጥ አለ። ይሄ ሁሉ የመንግሥት ቢሮ ስለሆነ በሥራ ሰዓት ነው የሚያልቀው። ሁለት ቀን ያስፈልገኛል ብዬ ገመትኩ።

እንዲህ ቆጥሬ ሁለት ቀን ይዤ ወደ ሲኒየሬ ሄድኩ፦ ቶሎ ብለቅ ነሐሴ 10፣ ግፋ ቢል ነሐሴ 21። አንድ ቀን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ እላለሁ። ነሐሴ 10 ብቻ ብዬ ብሄድ እሷ "አይሆንም" ትላለች፣ እኔም እከራከራለሁ። ሁለቱን ስሰጣት ግን ራሷ የሥራውን ሰሌዳ አውጥታ "ነሐሴ 17 አርብ ነው፣ እሱ ይሁን፣ ለዱቤ ገዢዎቹ የሚላከውን ኮንፈርሜሽን ሁለተኛ ዙር ልከህ መልሱን ታያለህ" አለችኝ። ተስማማን።

የፈረምኩት ውል ላይ ኢንተርን ከጊዜው በፊት ከለቀቀ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይሰጣል ይላል። ሐምሌ 24 ሳስገባ እስከ ነሐሴ 17 ድረስ 23 ቀን አለ፣ ስለዚህ ችግር አልነበረም። የናንተን ውል አውጥታችሁ አንብቡ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ቋሚ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስታወቂያ ነው የሚሰጠው፣ የኢንተርን ውል ግን እንደየቤቱ ይለያያል። "ኢንተርን ስለሆንኩ ዝም ብዬ ብወጣ ማን ይጠይቀኛል" ብሎ የወጣ ልጅ አውቃለሁ። ማንም አልጠየቀውም። የሥራ ልምድ ሲጠይቅ ግን እሱም የሚሰጠው አጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ እጄ ላይ ስለነበረው ሥራ።

ሁለት ሥራ ነበረኝ፣ ሁለቱም ለአንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት። አንደኛው የሦስት ባንክ ሂሳቦችን የሰኔ 30 ማስታረቂያ መሥራት፣ ማለትም የድርጅቱን መዝገብ ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ማገጣጠም። ሁለተኛው ኮንፈርሜሽን ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ድርጅቱ "እነ እገሌ በዱቤ ወስደው ይሄን ያህል ብር አለባቸው" ይላል። ኦዲተሩ ያንን ዝም ብሎ አያምንም። ለዱቤ ገዢዎቹ ደብዳቤ ይጻፋል፣ "በሰኔ 30 ይሄን ያህል አለብዎት ተብሏል፣ ትክክል ነው?" ተብሎ፣ መልሱም በቀጥታ ወደ ኦዲተሩ መምጣት አለበት። በድርጅቱ በኩል ከመጣ አንድ ሰው መሃል ላይ ሊነካካው ስለሚችል ዋጋ የለውም። 40 ደብዳቤ ልኬ ነበር። ሐምሌ 24 ላይ 26 መልስ መጥቷል፣ 14 ይቀራል።

ትልቁ ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። ደብዳቤዎቹን ሳዘጋጅ "ለጥያቄ በዚህ ስልክ ይደውሉ" በሚለው ቦታ የራሴን ሞባይል ጻፍኩ። የቢሮው መስመር ብዙ ጊዜ ስለሚያዝ ይቀላል ብዬ ነው። አርባውም ላይ። ያኔ ማንም ልብ አላለም፣ እኔም አላሰብኩበትም። የመልቀቂያዬን ደብዳቤ ስጽፍ፣ "በእጄ ያለው ሥራ" የሚለው ጋ ስደርስ ነው ደንግጬ የተነሳሁት። እኔ ቻይና ነኝ፣ ገዢዎቹ የሚደውሉት ለኔ ነው፣ ቢሮው የሚጠብቀው መልስ ለማይነሳ ስልክ ይደወላል ማለት ነው። በኦዲት መልስ ያልመጣበት ሂሳብ ደግሞ ዝም ተብሎ አይታለፍም፣ ሌላ ማረጋገጫ ይፈለግለታል፣ ያ የሌላ ሰው የቀናት ሥራ ነው።

በማግስቱ ለ14ቱም በየተራ ደወልኩ። አዲስ ደብዳቤ በቢሮው ስልክና ኢሜይል አድርጌ ላክሁ። መልስ ለሰጡት 26ም አጭር መልእክት ጻፍኩ፣ ከዚህ በኋላ በዚህ ይደውሉ ብዬ። ስለዚህ ልትለቁ ስትሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ይሄ ይሁን፦ በኔ ስልክ፣ በኔ ኢሜይል፣ በኔ ስም ብቻ የተንጠለጠለ ምን አለ? ፋይል ማስረከብ ቀላል ነው። ሰው የሚያውቀው ስልክ ቁጥር ነው የሚከብደው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ልዩነቶቹ ናቸው። አንድ ገዢ "እኔ ላይ ያለው 180,000 ብር ነው" ብሎ መለሰ፣ የድርጅቱ መዝገብ 265,000 ይላል። 85,000 ብር ልዩነት። ስከታተለው ገዢው 85,000ውን ሰኔ 29 ባንክ አስገብቷል፣ የድርጅቱ ሂሳብ ሠራተኛ ግን የመዘገበችው ሐምሌ 2 ነው። የባንክ ማስታረቂያውን ስሠራ ደግሞ ያው 85,000 ባንክ ስቴትመንቱ ላይ ያለ፣ መዝገቡ ላይ የሌለ ሆኖ ተቀምጧል። አንድ ገንዘብ ነው፣ በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት መልክ ይዞ። በሰኔ 30 ከገዢዎች የሚሰበሰበው ሂሳብ፣ ተሰብሳቢው፣ በ85,000 ይቀንሳል፣ የባንኩ በ85,000 ይጨምራል፣ በአንድ ማስተካከያ ሁለቱም ይዘጋሉ።

ይሄን ለምን አነሳሁት? ሲኒየሬ ሥራዬን ለሁለት ሰው ልትከፍለው ነበር፣ ባንኩን ለአንዱ፣ ኮንፈርሜሽኑን ለሌላዋ። ሁለቱም ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ግን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ 85,000 ያገኛሉ። ካልተነጋገሩ ሁለት ማስተካከያ ይጽፋሉ። ያ ከሆነ ተሰብሳቢው በ170,000 ይቀንሳል፣ ከገዢው መልስ ጋርም እንደገና አይገጥምም፣ መጥቶም ሲኒየሬ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የርክክብ ወረቀቴ ላይ በሁለቱም ቦታ "ይህ በሌላኛው ፋይል ካለው ጋር አንድ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ርክክብ ስትጽፉ የጨረሳችሁትን ለመዘርዘር አትድከሙ፣ ፋይሉ ራሱ ይናገራል። ጭንቅላታችሁ ውስጥ ብቻ ያለውን ጻፉ።

እንግዲህ የገባው ደብዳቤ ይሄ ነው። የሰውና የድርጅት ስም አውጥቻለሁ፣ ሌላው እንዳለ ነው።

ቀን፦ ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰው ኃይል ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኢንተርንሽፕ ከውሉ ጊዜ በፊት ማቋረጤን ስለማሳወቅ

ከሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኦዲት ክፍል በኢንተርንነት በመሥራት ላይ እገኛለሁ። ውሌ እስከ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ቢሆንም፣ በቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ የማስተርስ ትምህርት ዕድል ስላገኘሁ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ አርብ ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. እንዲሆን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ቀኑን ከቅርብ ኃላፊዬ ጋር ተነጋግረንበታል።

የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ጳጉሜን 2 እና 3 ነው። በእነዚህ ቀናት ያልተመዘገበ ተማሪ ዕድሉ ወደ ሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍለትም። ቀኑን የሚያሳየውን የመግቢያ ደብዳቤ ገጽ ኮፒ አያይዣለሁ። የትምህርት ማስረጃዬን ለማውጣት ሰኞ ሐምሌ 29 እና ረቡዕ ነሐሴ 1 ከሥራ ገበታዬ እንድቀር እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።

በእጄ ያሉት ሁለት ሥራዎች ናቸው። የሦስቱ ባንክ ሂሳቦች ማስታረቂያ አልቋል፣ ያልተዘጉት ልዩነቶች በፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተዘርዝረዋል። ከ40 የሂሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤዎች 26ቱ መልስ አግኝተዋል። ለቀሩት 14 የቢሮውን አድራሻ የያዘ ሁለተኛ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት እልካለሁ፤ እስከ ነሐሴ 17 የመጣውንና ያልመጣውን ለይቼ በጽሑፍ አስረክባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ላይ የግል ስልኬን መጻፌ ስህተት ስለነበር ሁሉም ገዢዎች አዲሱን ቁጥር እንዲያውቁ አደርጋለሁ።

ቃሊቲ በነበረው የሰኔ 30 ቆጠራ ላይ ከወረቀቱ ወደ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ከዕቃው ወደ ወረቀቱም መቁጠር እንዳለብኝ የተማርኩት ከዚህ ቤት ነው። አራት ዓመት ተምሬ ያልገባኝ በአንድ ቀን ገባኝ። የሠራሁት ማስታረቂያ ሦስት ጊዜ ሲመለስልኝ እያንዳንዱን ጊዜ ቁጭ ብለው ምክንያቱን ላስረዱኝ ኃላፊዬ፣ ኢንተርን ሳይሉ ከደንበኛ ጋር ስብሰባ ላስቀመጡኝ የድርጅቱ ባለቤት ከልብ አመሰግናለሁ።

በመጨረሻም የሥራ ልምድ ማስረጃ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ የጀመርኩበትንና የጨረስኩበትን ቀን እንዲሁም የሠራሁበትን ክፍል የሚገልጽ፣ ከመሄዴ በፊት እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለኦዲት ክፍል

አንድ ገጽ ነው። ስለ ልጅነት ህልሜ የጻፍኩት ወጣ። "ይቅርታ" የሚለው ወጣ። ሲኒየሬ ስታርመው "ይቅርታ አትበል፣ ትምህርት ልትሄድ ነው እኮ፤ የሚያስፈልገኝ አሥራ አራቱ የት እንደደረሱ ነው" አለችኝ። ስለ ስልኩ የጻፍኩትን መስመር ግን ላወጣው ስል እንዲቆይ ያደረገችው እሷ ናት። ከኔ በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ለምን ሁለት ዓይነት ደብዳቤ እንዳለ ይጠይቃል አለች።

ስለ ምስጋናውም አንድ ነገር ልበል። መጀመሪያ የጻፍኩት "ለሰጣችሁኝ ትልቅ ዕድልና ትብብር" የሚል ነበር። ይሄ አረፍተ ነገር ባንክም ውስጥ፣ ፋብሪካም ውስጥ ይሠራል። የቃሊቲውን ቆጠራ ያስገባሁት ጋሼ ራሳቸው እዛ ስለነበሩ ነው። እሑድ ነበር፣ መጋዘኑ ይሞቃል፣ እኔ ዝርዝሩን ይዤ እያንዳንዱን ዕቃ እየፈለግሁ ምልክት አደርጋለሁ። ሁሉም ገጠመልኝ። ሲኒየሬ መጥታ ጥግ ላይ ያለ አንድ ካርቶን ነካችና "ይሄስ ዝርዝሩ ላይ አለ?" አለችኝ። አልነበረም። ከዝርዝሩ ወደ ዕቃው ብቻ የሚሄድ ሰው የሌለ ዕቃ ተመዝግቦ እንደሆነ ያገኛል፣ ያልተመዘገበ ዕቃ ግን መቼም አያገኝም። ይሄን ደብዳቤው ላይ ሳነሳ ጋሼ ጠርተውኝ "አስታወስከው?" አሉኝ። ሌላውን መስመር ማንም አላነሳልኝም።

ከነሐሴ 17 በፊት በነበሩት ቀናት ከ14ቱ ስምንቱ መለሱ። ስድስት ቀረ። ለእነሱ የሐምሌን የባንክ ስቴትመንት አየን፤ ከሰኔ 30 በኋላ የከፈሉ ካሉ፣ ያ ገንዘብ የየትኛው ደረሰኝ እንደሆነ ካወቅን፣ ዕዳው በእርግጥም እንደነበረ ያሳያል። በዚህ አራቱ ተዘጉ። ሁለቱን ለተተኪዋ ልጅ አስረከብኩ፣ ዕቃ የተረከቡበትን ደረሰኝ ከየት እንደምታገኝ ጽፌ። ከደንበኛው የወሰድኩትን የደረሰኝ ፋይል ደግሞ መልሼ አስፈርሜ ነው የወጣሁት፣ በኔ ስም የወጣ ነበርና። የኤክሴል ፋይሎቹ ላይ ያደረግኩትን የይለፍ ቃል በሙሉ አነሳሁ። ለማስታወሻ ብዬም አንድ ፋይል እንኳ በፍላሽ አልወሰድኩም፤ የሰው ሂሳብ ነው፣ ኮፒው እኔ ጋ መገኘት የለበትም።

ክሊራንሱ አንድ ቀን ፈጀ። ላፕቶፕ፣ መታወቂያ፣ የመሳቢያ ቁልፍ። የቀረችኝ ክፍያ በሳምንቱ ገባች። የሥራ ልምዱ ግን በመጀመሪያ የተጻፈው ሚያዝያ 1 የሚለውን ሚያዝያ 11 ብሎ ነበር። እዛው ቆሜ ስላነበብኩት በአሥር ደቂቃ ተስተካክሎ ማህተም ተመታበት። ውጭ ሆኖ ይሄን ማስተካከል ውክልና፣ ሰው መላክ፣ ስንት ነገር ነው። ሳትወጡ አንብቡት። ቀኑን፣ የስማችሁን ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር፣ ማህተሙን።

ቪዛዬ ነሐሴ 14 ወጣ፣ ቢሮ እያለሁ። ሲኒየሬ ቡና አስፈላችልን። ኤክስ 1 የሚሉት ቪዛ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያስገባል፣ እዛ በደረስክ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለብህ። ስለዚህ መጀመሪያ ወር ላይ ቢሮው ቢፈልገኝ እንኳ ተመልሼ መምጣት አልችልም ነበር። ያንን ቀድሜ ነግሬአቸዋለሁ።

የኢትዮጵያ ሲሜን ለእህቴ ትቼላት ነው የሄድኩት። ማንም ስለ ሂሳብ ከደወለ ይሄን የቢሮ ቁጥር ስጪ፣ ስለ ገንዘቡ ምንም እንዳታወሪ ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። መስከረም 16 ላይ ከሁለቱ ያልመለሱት አንዱ ደወለ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሁለተኛውን አላየውም። እህቴ ቁጥሩን አነበበችለት፣ በማግስቱ መልሱ ቢሮ ገባ። ተተኪዋ ልጅ "አንድ ቀረ" ብላ ጻፈችልኝ።